የትናንቱ መድኃኒት ለምን አያድርም?

«ትናንት የቀዱት መድኃኒት ለዛሬ አያድርም እንዴ፣ ልጄ? ማቀዝቀዣም አላቸው ብለውኛል።»

ይህን የጠየቁኝ የጅጋ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። የጡት ካንሰር ታክመው በሽታው ወደ አጥንት መሄድ አለመሄዱን ለማየት የአጥንት ስካን ታዝዞላቸው ነበር። ቀጠሯቸው ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ አዲስ አበባ። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ከጅጋ ተሳፈሩ። አባይ በረሃ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ዋለና ጎሐ ጽዮን አደሩ። ከተማ ገብተው ማዕከሉን አፈላልገው ሲደርሱ ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆነ። ስማቸው የተጻፈበት መርፌ ተዘጋጅቶ ነበር፤ በዓይናቸው አይተውታል። «አልፎበታል፤ የነገው ወረፋ ሞልቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ» ተባሉ። መርፌው ቀዝቃዛ ቦታ አድሮ ዓርብ ጠዋት ቢወጋቸው ምን ነበረበት? ጥያቄያቸው ይኸው ነው።

እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ፤ የሪፈር ወረቀቱን ይዘው ሲሄዱ ቀኑንና ሰዓቱን ነግሬያቸዋለሁ። ለምን ያ ሰዓት እንደማያልፍ ግን አልነገርኳቸውም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ለሚሄድ ሰው ሁሉ አንድ ቃል ሳላስረዳ አልለቅም፤ «ግማሽ ዕድሜ» የሚለውን። በሬዲዮ ስለ ምስል ምርመራ መድኃኒት እጥረት ሲወራ አንዳንዱ ጋዜጠኛ «ሃፍ ላይፍ» ይለዋል፤ ያው ነው።

ቃሉን ለመረዳት በመጀመሪያ ግማሽ ዕድሜ የሌለውን ነገር እንይ። በቆሎ የሞላ ጎታ አለን እንበል። ቤተሰቡ በየቀኑ አንድ ቁና ያወጣል። ጎታው ስልሳ ቁና ከያዘ በስልሳኛው ቀን ባዶ ይሆናል። ሠላሳ ቀን ሲያልፍ ግማሽ ቀረ፣ ሌላ ሠላሳ ቀን ሲያልፍ አለቀ። ብዙ ሰው «የመድኃኒቱ ግማሽ ዕድሜ 6 ሰዓት ነው» ሲባል ይህን ጎታ ያስባል፤ በ6 ሰዓት ግማሹ ከሄደ በ12 ሰዓት ያልቃል ብሎ ይደመድማል። አያልቅም። ጨረር የሚሰጥ ንጥረ ነገር እኩል እኩል እየተሰፈረ አይወጣም፤ በየጊዜው የሚሄደው ከቀረው ላይ ግማሽ ነው። በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ከስልሳው ሠላሳ ይሄዳል፤ በሚቀጥሉት 6 ሰዓታት ከሠላሳው አሥራ አምስት ብቻ፤ ከዚያ ሰባት ተኩል። መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ይጎድላል፣ እያደር ግን መጉደሉ ራሱ እየቀነሰ ይሄዳል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሱቅ ያለው ሰው በአምስት ደቂቃ ሊሞክረው ይችላል። ስልሳ አራት ባለ አንድ ብር ሳንቲሞች ይውሰድ። በአንዱ ወገን የአንበሳ ራስ አለ፣ በሌላው ሚዛን። ሁሉንም በሰፌድ አንቀርቅቦ ጠረጴዛ ላይ ይበትናቸውና አንበሳ ያሳዩትን ለቅሞ ወደ ኪሱ ይክተት። ሠላሳ ሁለት ገደማ ይቀራሉ። የቀሩትን መልሶ ይበትን፤ አሥራ ስድስት ገደማ። እንደገና፤ ስምንት ገደማ። የትኛው ሳንቲም በየትኛው ዙር እንደሚወጣ ማንም ሊተነብይ አይችልም። ሦስት ዙር የተረፈ ሳንቲም ደግሞ «አሁን ተራዬ ደርሷል» አይልም፤ በአራተኛውም ዙር ዕድሉ ያው እኩል ለእኩል ነው። አቶሞችም እንዲሁ ናቸው። አንዱ አቶም በዚህ ሰከንድ ጨረሩን ሰጥቶ ይለወጣል፣ ጎረቤቱ ነገ፤ አያረጁም፣ አይደክሙም። ሳንቲሙ ስልሳ አራት ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ አንድ ሁለት ወዲያ ወዲህ ይላል፤ በአንድ መርፌ ውስጥ ያሉት አቶሞች ግን ሊቆጠሩ ከሚችሉት በላይ ብዙ ስለሆኑ የድምሩ ሰዓት ዝንፍ አይልም። ግማሽ ዕድሜ ማለት አንድ ዙር የሚፈጀው ጊዜ ነው።

ለእኚያ እናት መርፌ የተቀዳው ንጥረ ነገር ቴክኒሽየም 99ኤም ይባላል። አንዱ ዙር 6 ሰዓት ነው። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ለማስታወስ ይመቻል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ በብልቃጥ ውስጥ 40 ሚሊኪዩሪ አለ እንበል (ሚሊኪዩሪ የጨረር መስፈሪያ ነው፤ እንደ ቁና ይውሰዱት)። ከቀኑ 8 ሰዓት 20 ይሆናል። ከምሽቱ 2 ሰዓት 10፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት 5፣ በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት 2 ተኩል። በአንድ ቀን አራት ዙር አለፈ፤ ከአሥራ ስድስት አንድ እጅ ቀረ ማለት ነው።

አሁን የሐሙሱን መርፌ እንመልከት። ለአጥንት ስካን ለአንድ ትልቅ ሰው በተለምዶ 20 ሚሊኪዩሪ ገደማ ይሰጣል። በ3 ሰዓት እንዲወጋ 20 ሆኖ የተቀዳው፣ እሳቸው በ9 ሰዓት ሲደርሱ 10 ነበር። ዓርብ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቢወጉት ደግሞ ከ1 ሚሊኪዩሪ ትንሽ የሚበልጥ ብቻ ይቀረው ነበር። «ትንሽም ቢሆን ይወጉኝና ያንሡኝ» ማለት ለምን አይቻልም? ጋማ ካሜራ የሚባለው መሣሪያ ራሱ ጨረር አይሰጥም፤ ከሰውነታቸው የሚወጣውን ጨረር አንድ በአንድ እየቆጠረ ነው ምስል የሚሠራው። ጨረሩ በግማሽ ሲቀንስ ተመሳሳይ ምስል ለማግኘት ጊዜው በእጥፍ ይረዝማል። በሙሉው መጠን 20 ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ የሚተኙ ከሆነ፣ በግማሹ 40 ደቂቃ ይሆናል፤ በአሥራ ስድስተኛው ደግሞ 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። አጥንቱ የሚያመው ሰው ያን ያህል ሳይንቀሳቀስ አይተኛም፤ ቢተኛም እስከዚያ የቀረውም እየሄደ ነው። በዚህ ላይ የአጥንት ስካን መርፌው ከተወጋ በኋላ አጥንት ላይ እስኪያርፍ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይጠበቃል። በ9 ሰዓት ቢወጉ ምስሉ የሚነሣው ከ11 ሰዓት በኋላ ነበር፤ ያኔ ክፍሉ ተዘግቷል።

የማቀዝቀዣውን ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ጥያቄው የሚገባ ነው። በየጤና ኬላው ክትባት በበረዶ ሣጥን ሲጓዝ አይተናል፤ ወተትም በብርድ ጊዜ ሳይረጋ ይቆያል። ብርድ የሚያዘገየው ሕይወት ያለው ነገር መራባትንና የኬሚካል ለውጥን ነው፤ ሁለቱም የሚካሄዱት ከአቶሙ እምብርት ውጪ ነው። ጨረር የሚወጣው ግን ከአቶሙ እምብርት፣ ከኒውክለሱ ነው። እዚያ ብርድም ሙቀትም አይደርስም። ብልቃጡን በበረዶ ቢቀብሩት፣ ቢያፈሉት፣ በወፍራም የእርሳስ ሣጥን ቢቆልፉበት ዙሩ ያው 6 ሰዓት ነው። የእርሳስ ሣጥኑ ጨረሩ ሰው ዘንድ እንዳይደርስ ይከለክላል እንጂ ሰዓቱን አያቆመውም።

እዚህ ላይ አንድ የስሌት ስሕተት አለ፤ በጤና ባለሙያዎችም ዘንድ አይቼዋለሁ። በ6 ሰዓት ግማሹ ከሄደ በ3 ሰዓት ሩቡ ይሄዳል፣ 75 በመቶ ይቀራል ይባላል። ትክክሉ 71 በመቶ ነው። በሁለት እኩል እርምጃ ተጉዘን ግማሽ ላይ መድረስ አለብን፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚቀረው እጅ ደግሞ እኩል መሆን አለበት። 75 በመቶን በ75 በመቶ ብናባዛው 56 ይመጣል፣ ግማሽ አይደለም። 71ን በ71 ብናባዛ ግን 50 ይሆናል። ስለዚህ ለግማሽ ዙር 71፣ ለሩብ ዙር 84 ብሎ መያዝ ነው። ከተቀዳ 9 ሰዓት ያለፈው መርፌ አንድ ዙር ተኩል ሄዷል፤ ከ50 በመቶ ላይ 71 በመቶው፣ ማለትም 35 በመቶ ገደማ ቀርቶታል።

እንግዲህ ዕድሜው እንዲህ አጭር ከሆነ አዲስ አበባ ድረስ እንዴት ይመጣል? አገራችን ውስጥ የሚያመርተው ሪአክተር የለም። መልሱ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይሆንም፤ የሚመጣው ወተቱ ሳይሆን ላሟ ናት። የሙያው ሰዎች በሌላውም ዓለም ራሳቸው «ላም» ይሏታል፣ ሥራውንም «ማለብ»።

ላሟ ሞሊብዲነም 99 የሚባል ንጥረ ነገር የያዘች፣ በእርሳስ የተለበጠች ትንሽ ዕቃ ናት፤ በወጉ ስሟ ጄኔሬተር ነው። ሞሊብዲነሙ በራሱ ጊዜ እየተለወጠ ቴክኒሽየም ይሆናል። ጠዋት ባለሙያው በአንዱ ወገን የጨው ውሃ ያስገባል፤ በሌላው ወገን ውሃው ቴክኒሽየሙን አጥቦ ይዞ ይወጣል፣ ሞሊብዲነሙ ግን ውስጥ ካለው ማጣሪያ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከታለበች በኋላ ወዲያው ብትታለብ ብዙ አይገኝም። 6 ሰዓት ቢታገሷት ግማሽ ያህል ታግታለች፤ አንድ ቀን ገደማ ሲሆናት ሙሉ ነች። ስለዚህ በየጠዋቱ ትታለባለች።

ላሟም ግን የራሷ ግማሽ ዕድሜ አላት፤ 66 ሰዓት፣ ማለት ሁለት ቀን ከአሥራ ስምንት ሰዓት። በየቀኑ ከነበራት ሲሶም ሳይሆን ሩብም ሳይሞላ፣ 22 በመቶ ያህል ታጣለች። ሰኞ ጠዋት 400 ሚሊኪዩሪ የምትሰጥ ላም ደረሰች እንበል። ማክሰኞ 311፣ ረቡዕ 242፣ ሐሙስ 188፣ ዓርብ 146 ትሰጣለች። በሳምንቱ ሰኞ ከ70 በታች። በ20 በ20 ብንሰፍረው ሰኞ ሃያ ሰው ያዳርስ የነበረው፣ ዓርብ ሰባት ሰው፣ በሳምንቱ ሰኞ ሦስት ሰው ብቻ። ይህም ሁሉም በተቀዳ ሰዓት ወዲያው ከተወጉ ነው። አንዱ ታካሚ ከቀኑ 8 ሰዓት የሚወጋ ከሆነ ጠዋት በ2 ሰዓት 40 ሊታሰብለት ይገባል፤ የሁለት ሰው ድርሻ ማለት ነው። ለዚህ ነው የዓርቡ ወረፋ ለእኚያ እናት ቦታ ያልነበረው። አውሮፕላኑ አንድ ቀን ቢዘገይ ደግሞ ላሟ ሳትታለብ ያን 22 በመቶ መንገድ ላይ ትታ ትመጣለች፤ ገንዘቡ ግን ተከፍሎበታል።

የሬዲዮው ዜናም እዚህ ላይ ነው የሚገናኘው። ሞሊብዲነም የሚያመርቱት በዓለም ላይ ጥቂት፣ አብዛኞቹም ያረጁ ሪአክተሮች ናቸው፤ ከአፍሪካ የደቡብ አፍሪካው ሳፋሪ 1 አንዱ ነው። በግንቦት 2001 ዓ.ም የካናዳው የቾክ ሪቨር ሪአክተር አፍስሶ ቆመና እስከ ነሐሴ 2002 አልተነሣም። በመካከሉ በየካቲት 2002 የኔዘርላንድሱ የፔተን ሪአክተርም ለጥገና ቆመ። ሁለቱ ትልልቆቹ አንድ ላይ ሲቆሙ በብዙ አገር ሆስፒታሎች ቀጠሮ ተሰረዘ። በጥቅምት 2017 ደግሞ የፔተኑ ሪአክተር አንድ ቧንቧው ቅርጹን ስለሳተ በጊዜው ሳይነሣ ቀረ፤ ያኔም ዜናው ያው «እጥረት» ነበር። ስንዴ ወይም ነዳጅ ቢሆን አገሮች ለክፉ ቀን መጋዘን ሞልተው ይጠብቃሉ። ለዚህ ግን መጋዘን አይሠራም። ዛሬ አንድ ሺህ ላም ገዝቶ ያስቀመጠ አገር በወሩ አሥራ አንድ ዙር ገደማ ስለሚያልፍ ከሁለት ሺህ አንድ እጅ ብቻ ያገኛል። ስለዚህ ሪአክተሩ በቆመ በሳምንትና በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው እጥረቱ ቀጠሮ ላይ የሚታየው።

ከዚህ በመነሣት ከጅጋ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ ለሚሄድ ሰው የምለው ይህ ነው። ለቀጠሮው የሚነሡት በዋዜማው ሳይሆን በዋዜማው ዋዜማ ይሁን። አባይ በረሃን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቀኝም፤ መንገዱ በማይታመንበት ጊዜ ደግሞ ከዚያም በላይ ቀን መያዝ ያስፈልጋል። የአንድ ሌሊት አልጋ ኪራይ ከሁለተኛ ጉዞ ይረክሳል። ከመሳፈርዎ በፊት ለማዕከሉ ደውለው አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «የዚህ ሳምንት ጄኔሬተር ገብቷል?» «ቀጠሮዬ እንዳለ ነው?» ብቻ ማለት አይበቃም፤ ቀጠሮው መዝገብ ላይ ስላለ «አዎ» ይባላሉ። ላሟ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ከሆነች ግን ያ «አዎ» ምንም አይጠቅምም። መንገድ ላይ ከተያዙም ወዲያው ይደውሉ። ሰዓቱ ሳያልፍ ከተነገራቸው መርፌውን ለሌላ ታካሚ ሊያውሉትና ለእርስዎ ሌላ ሰዓት ሊፈልጉ ይችላሉ፤ ስድስት ሰዓት ዘግይተው ሲደርሱ ግን ሁለታችሁም አጥታችኋል። ገበያ ቀን ወይም አጨዳ የሚያሳስብዎ ከሆነ ቀጠሮው ሲቆረጥ ይናገሩ፤ የሚቻል ከሆነ ከሳምንቱ መጀመሪያ ላይ ያስይዙ። ሪፈር የምንጽፍ ባለሙያዎች ደግሞ ወረቀቱ ላይ የማዕከሉን ስልክ ሳንጽፍ ሰው አንሸኝ።

ሁለተኛው የሚጠየቀው ጉዳይ ከምርመራው በኋላ ያለው ነው። «ልጄን ማቀፍ እችላለሁ? አውቶቡስ ውስጥ ሰው አልጎዳም?» ለዚህ መልስ አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እስካሁን የተናገርነው በብልቃጥ ውስጥ ስላለው ነው። ሰውነት ግን ብልቃጥ አይደለም፤ የገባበትን እያጣራ ያወጣል። ቡና ላይ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። በቡና ውስጥ ያለው እንቅልፍ የሚከለክል ቅመም ጨረር የለውም፣ ግን ጉበት እየሰባበረው በጤነኛ ትልቅ ሰው ላይ በ5 ሰዓት ገደማ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አቦሉን የጠጣ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲተኛ ግማሹ ገና ደሙ ውስጥ ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሩቡ። በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ደግሞ ይህ ጊዜ በጣም ይረዝማል። የሰውነት ግማሽ ዕድሜ እንደ ሰውየው ይለያያል፤ የአቶም ግን አይለያይም።

ጨረር ያለው መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሁለቱ ሰዓቶች አብረው ይሠራሉ። ሁለት ቀዳዳ ያለው ገንቦ አስቡ። በአንዱ ቀዳዳ ብቻ ቢፈስ በ6 ሰዓት ይጋመሳል፤ በሌላው ብቻ ቢፈስም በ6 ሰዓት። ሁለቱም ሲከፈቱ በ3 ሰዓት ይጋመሳል። አንዱን ቀዳዳ፣ የአቶሙን፣ ማንም ሊያሰፋው አይችልም። ሁለተኛውን ግን ታካሚው ራሱ ያግዘዋል፦ ውሃ በብዛት ይጠጣል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይሸናል። ለአጥንት ስካን የተወጋው አጥንት ላይ ያላረፈው ክፍል የሚወጣው በሽንት ነው፤ ሐኪም ውሃ የከለከለው ሰው ካልሆነ በቀር ይህን ምክር ቸል ማለት አይገባም። ወንዱም ቢሆን በዚያን ቀን ተቀምጦ ቢሸናና እጁን በሳሙና ቢታጠብ ይመረጣል፤ የሚረጭ ጠብታም ጨረር ይይዛልና።

ስለዚህ ቴክኒሽየም የተወጋ ሰው በማግስቱ ጠዋት ከአሥራ ስድስት አንድ እጅ፣ በሽንት የወጣው ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው የሚኖረው። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ጅጋ ይመለሳል። በዚያኑ ዕለት ግን ሕፃን አቅፎ ለረጅም ሰዓት መቀመጥንና ከነፍሰ ጡር ጋር ተጠግቶ መዋልን ቢተው መልካም ነው። የምታጠባ እናት ወይም እርጉዝ ልሆን እችላለሁ የምትል ሴት ከመርፌው በኋላ ሳይሆን ከመርፌው በፊት መናገር አለባት፤ ስንት ሰዓት ማጥባት ማቆም እንዳለባት የሚወሰነው በየመድኃኒቱ ዓይነት ነው።

ሌላው መድኃኒት አዮዲን 131 ሲሆን ሒሳቡ ፈጽሞ ይለያል፤ እንቅርት ለሚበዛበት ለእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ ስም መሆን የለበትም። ከልክ በላይ ለሚሠራ እንቅርትና ለእንቅርት ካንሰር ሕክምና ይሰጣል። ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን ነው፤ እንቅርቱም አዮዲንን አጥብቆ ስለሚይዝ ሁለተኛው ቀዳዳ እዚያ ላይ ጠባብ ነው። ቴክኒሽየም በ60 ሰዓት አሥር ዙር ጨርሶ ከሺህ አንድ እጅ ሲሆን፣ አዮዲን ለአሥር ዙር 80 ቀን ይፈልጋል። በዚህ መድኃኒት የታከመች እናት ለያዘችው ልጅ ማጥባቷ ያበቃል፤ ከሕክምናው ቀደም ብላም ማቆም አለባት። ከፍ ያለ መጠን የወሰደ ሰው ለቀናት ለብቻው መተኛት፣ ሕፃናትን አለማቀፍ፣ በሰው በተሞላ አውቶቡስ ከጠዋት እስከ ማታ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ አለመጓዝ ይነገረዋል። የቀኑ ብዛት በተሰጠው መጠን ይወሰናልና ከማዕከሉ ሳይወጡ ይህን በጽሑፍ ይጠይቁ፦ «አውቶቡስ የምሳፈረው በስንተኛው ቀን ነው? ከልጆቼ ጋር የምተኛው በስንተኛው?» አገራቸው ሩቅ መሆኑን ያልተናገሩ ሰዎች የአዲስ አበባ ነዋሪ መስለው ለአጭር የታክሲ መንገድ የሚሆን ምክር ይዘው ይወጣሉ። «ጅጋ ነው የምሄደው» ማለት እዚህ ላይ የሕክምና መረጃ ነው።

ግማሽ ዕድሜ ስሕተትን ለመያዝም ያገለግላል። ላሟ ስትታለብ አንዳንዴ ሞሊብዲነሙ ራሱ ከወተቱ ጋር ሊያመልጥ ይችላል። ለምስሉ አይጠቅምም፣ ታካሚው ላይ ግን ያለአግባብ ይቆያል። ስለዚህ በየማለቢያው ጠዋት ይለካል፦ ብልቃጡ የቴክኒሽየምን ደካማ ጨረር በሚያስቀር የእርሳስ መከላከያ ውስጥ ገብቶ፣ የሞሊብዲነሙ ጠንካራ ጨረር ብቻ አልፎ ሲወጣ ይቆጠራል። ሌላው መለያ ሰዓቱ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተለካ ናሙና በ8 ሰዓት ወደ ግማሽ ካልወረደ ውስጡ ሌላ፣ ዕድሜው የረዘመ ነገር አለ ማለት ነው።

ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጋር የማይገናኙትን ለይቶ ማወቅ ያሻል። ራጅና ሲቲ ስካን ጨረር ይጠቀማሉ፤ ግን ጨረሩ እንደ አምፖል ነው፣ ማሽኑ ሲጠፋ የለም፤ ሰውነት ውስጥ የሚቀር ነገር ስለሌለ የሚቆጠር ግማሽ ዕድሜም የለም። አልትራሳውንድና ኤምአርአይ እንዲህ ያለ ጨረርም የላቸውም። ራጅ ተነሥታ «ዛሬ ልጄን አላጥባ ይሆን?» ብላ የምትጨነቅ እናት ወዲያው ታጥባ።

የካንሰር የጨረር ሕክምና ላይ ግን ቃሉ በሌላ መልክ ይመጣል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛ በነበረው የጨረር ሕክምና ክፍሉ ይሠራ የነበረው በኮባልት 60 ማሽን ነው። የኮባልት ግማሽ ዕድሜ 5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ነው። ኮባልቱ ማሽኑ ውስጥ ነው የሚቆየው፣ ታካሚው ላይ አይቀርም። ግን በየወሩ አንድ በመቶ ያህል ይደክማል። አዲስ ሲተከል 2 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ሕክምና ከአምስት ዓመት በኋላ 4 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በቀድሞ ዓመት የታከመ ሰው ዳግም ሲመለስ «ያኔ ቶሎ ነበር የሚለቁኝ፤ አሁን ረዘመብኝ፣ በሽታዬ ብሶ ነው» ብሎ ሲሰጋ ሰምቻለሁ። በኮባልት ማሽን ከሆነ የታከመው፣ ከመስጋቱ በፊት ኮባልቱ የተተከለበትን ጊዜ ይጠይቅ። የተሰጠው የጨረር መጠን ያው ሆኖ ደቂቃው ብቻ ሊረዝም ይችላል።

የጅጋዋ እናት በሁለተኛው ጉዟቸው ማክሰኞ ከጅጋ ተነሡ፤ ቀጠሯቸው ሐሙስ ነበር። ረቡዕ ጠዋት አዲስ አበባ ሆነው ደወሉልኝ። «ላሟ ገብታለች ብለውኛል» አሉኝ። ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተወጉ፣ ውሃቸውን ጠጡ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ካሜራው ሥር ተኙ። ዓርብ በማለዳው አውቶቡስ ተሳፈሩ፤ ቅዳሜ ገበያቸው ላይ ነበሩ።